ለቆርቆሮ ፋብሪካ ስንት ፐርሰንት እንጠይቅ? ስለ ካፕኤም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የፕሮጀክት አዋጭነት ጥናት ስሰራ ክርክሩ ሁሌ ሚነሳው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ዲስካውንት ሬቱ ላይ፣ ማለትም ወደፊት ሚመጣን ብር ወደ ዛሬ ዋጋ ምንቀይርበት ፐርሰንት ላይ። ማሽኑ ስንት ነው፣ ሼዱ ስንት ካሬ ነው ሲባል ሁሉም ይስማማል፣ "ይሄ 32 ፐርሰንት ደሞ ከየት መጣ?" የሚለው ጋ ስንደርስ ግን ቤቱ ይደበላለቃል። ስለዚ ሚደጋገሙትን ጥያቄዎች እዚ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንድ ምሳሌ ይዤ ነው እስከመጨረሻው ምሄደው፦ ደሴ ውስጥ የቆየ የዱቄት ፋብሪካ ያለው ቤተሰብ ኮምቦልቻ ላይ የጣራ ቆርቆሮ ፋብሪካ ሊከፍት ነው፣ ጥቅልል ላሜራ ከውጭ አስገብቶ፣ እዚ ቆርቆሮ አድርጎ፣ እዚሁ ሊሸጥ። ቁጥሮቹን ለሂሳብ እንዲመቹ ብዬ ቀይሬያቸዋለሁ፣ የሀሳቡ አካሄድ ግን እንደነበረው ነው።

ገንዘቡ የራሴ ነው፣ ከማንም አልተበደርኩትም፣ ታዲያ የምን ወጪ ነው?

ይሄን የጠየቁኝ የዱቄት ፋብሪካው ባለቤት ሀጂ ናቸው። ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ ቁጭ ብለን፣ ወፍጮው ሲዞር ጠረጴዛው ሳይቀር እየተንቀጠቀጠ፣ የባንኩን ወለድ በእርሳስ አስምረውበት "ልጄ፣ ይሄ የባንኩ ነው፣ ገባኝ። ይሄኛው ግን የኔው ብር ነው፣ ማን ነው ትርፍ አምጣ ሚለኝ?" አሉኝ። እኔም "ሀጂ፣ ይቺን 60 ሚሊዮን ቆርቆሮ ላይ ባያስገቧት ምን ያደርጓታል?" ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና "ሌላ ወፍጮ እተክልባታለሁ" አሉ።

በቃ ዋጋው እሱ ነው። የባለቤት ገንዘብ ዋጋ፣ በነሱ ቋንቋ ኮስት ኦፍ ኢኩዊቲ ሚባለው፣ ደብዳቤ ጽፎ ሚጠይቅህ ሰው የለውም፣ ግን ያው ገንዘብ ተመሳሳይ አደጋ ያለበት ሌላ ቦታ ቢገባ ያመጣ የነበረው ትርፍ ነው። "ተመሳሳይ አደጋ ያለበት" ሚለውን ልብ በሉልኝ፣ ከዚ በታች ያለው በሙሉ የሷ ማብራሪያ ነው። ደሞ ባንክ መያዣ ይዞ ነው ሚያበድረው፣ ፋብሪካው ቢከስር ቀድሞ ይወስዳል፣ ባለቤቱ የተረፈውን ነው ሚያገኘው፣ ስለዚ ባለቤቱ ሚጠይቀው ፐርሰንት ከባንኩ ወለድ በታች ሊሆን አይችልም።

ካፕኤም በአጭሩ ምንድነው?

የባለቤት ገንዘብ ዋጋን ማስሊያ ዘዴ ነው፣ ሶስት ነገር ነው ሚደምረው። ምንም አደጋ የሌለበት ቦታ ብታስቀምጠው ሚከፈልህ፣ ከዛ ላይ አክሲዮን ገበያ በጠቅላላ ለሚያስከትለው አደጋ ሚከፈል ጭማሪ በቤታ ተባዝቶ፣ እንደኛ አይነት አገር ላይ ሲሆን ደሞ የአገር ስጋት ጭማሪ። የመጀመሪያው ካፕኤም ውስጥ የአገር ጭማሪው የለም፣ በኋላ ባለሙያዎች ለታዳጊ አገራት ብለው የቀጠሉት ነው።

```
Ke = Rf + β × ERP + CRP
```

Ke ምንፈልገው ፐርሰንት ነው፣ Rf አደጋ የሌለበት ወለድ፣ β ከታች ማብራራው ቤታ፣ ERP የገበያው ጭማሪ፣ CRP የአገር ጭማሪ። ፎርሙላውን በቃል መያዝ ምንም አይደለም፣ ሰው ሚሳሳተው ውስጡ ሚከተው ቁጥር ላይ ነው።

ቤተሰቡ የዱቄት ፋብሪካ አለው፣ ለዱቄቱ ምንጠቀምበትን ሬት ለቆርቆሮው ብንወስድ ምን ችግር አለው?

ብዙ ጊዜ ማየው ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚ ላይ ልቆይ። ሬቱ የፕሮጀክቱ ነው እንጂ ገንዘቡን ያመጣው ሰው አይደለም። ገንዘቡ ከዱቄት ትርፍ የተቆጠበ ቢሆንም ቆርቆሮ ውስጥ በገባ ቀን የቆርቆሮን አደጋ ነው ሚሸከመው።

ቤታ ሚለካው የአገሩ ኢኮኖሚ ሲነሳና ሲወድቅ ይሄ ስራ ምን ያህል አብሮ ይነሳል ይወድቃል ሚለውን ነው። ከደሴ ፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ድረስ ያሉትን ሱቆች አስቡ፣ ኑሮ ሲከብድና ብር ሲጠፋ ሰው ዳቦ መብላት አያቆምም፣ ቢበዛ ከሁለት አንድ ይላል፣ ዱቄቱ ይሄዳል። ቤት ሚሰራው ሰው ግን "ዘንድሮ ይቆይ" ይላል፣ ጣራው ሚያፈሰውም የቀደደውን ቀዳዳ ለጥፎ አንድ ክረምት ያሳልፋል፣ ቆርቆሮው ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ አቧራ ይጠጣል። ነገሮች ሲስተካከሉ ደሞ ሁሉም ባንዴ ነው ጣራ ሚያለብሰው። ስለዚ የቆርቆሮ ቤታ ከዱቄት ይበልጣል፣ ሚበልጠውም ብዙ ነው። በዛ ላይ ቆርቆሮው ሚሰራው በዶላር ከሚገዛ ላሜራ ነው፣ የሼዱ ኪራይ፣ የማሽኑ እርጅና፣ የጥበቃው ደሞዝ ሽያጭ ኖረም አልኖረ ይከፈላል፣ ቋሚ ወጪ በበዛ ቁጥር የሽያጭ መውረድ ትርፉን በእጥፍ ነው ሚመታው፣ ይሄም ቤታን ከፍ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ፦ አደገኛ ሚባል ዘርፍ ሁሉ ቤታው ከፍተኛ ነው ማለት አይደለም። ወርቅ ፍለጋ ብትሄድ ቆፍረህ ባዶ ልትሆን ትችላለህ፣ ትልቅ አደጋ ነው፣ ግን ወርቁ መኖር አለመኖሩ ከኢኮኖሚው ጋር ምን ያገናኘዋል? ገንዘቡን ብዙ ቦታ የበተነ ሰው አንዱ ጉድጓድ ባዶ ሲሆን ሌላኛው ያወጣለታል። እንዲ አይነቱ አደጋ ቤታ ውስጥ አይገባም፣ ሚገባው ካሽ ፍሎው ውስጥ ነው፣ ማለትም በየዓመቱ ይገባል ብለን ምንገምተው ብር ውስጥ። ማሽን መሰበር፣ እሳት፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ መክዳት፣ እነዚም እንደዛው። "ዘርፉ ሪስኪ ስለሆነ ቤታውን 2 አድርጌዋለሁ" ሚል ጥናት ካያችሁ የትኛውን ሪስክ ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

እሺ፣ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ቤታ ከየት ይገኛል?

ከዚ አይገኝም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ስራ የጀመረው ጥር 2017 ነው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነበር፣ ቤታ ለመለካት ደሞ አብዛኛው ሰው የ5 ዓመት የየወሩን ዋጋ ማለትም 60 ቁጥር ነው ሚጠቀመው። የቆርቆሮ ፋብሪካ አክሲዮን ተገበያይቶ የ60 ወር ዋጋ እስኪኖረን መጠበቅ አንችልም። ስለዚ ከውጭ እንዋሳለን፦ ቱርክ፣ ግብፅ፣ ህንድ ውስጥ አክሲዮናቸው ሚሸጥ ላሜራና ቆርቆሮ ሰሪዎችን እንመርጣለን። ብረት ሚያቀልጡትን አይደለም፣ ጥቅልል ገዝተው ሚሰሩትን ነው፣ ስራቸው ከኛ ጋር ሚመሳሰለው እነሱ ናቸው።

ያገኘነውን ቤታ ግን እንዳለ አንወስደውም። የነሱ ቤታ ውስጥ የነሱ ብድርም አለበት፣ ብዙ የተበደረ ኩባንያ ቤታው ያብጣል። ስለዚ መጀመሪያ የነሱን ብድር እናወጣለን፣ ከዛ የኛን እናስገባለን፦

```
βu = βL / (1 + (1 − t) × D/E)
βL = βu × (1 + (1 − t) × D/E)
```

βL ብድር ያለበት ቤታ ነው፣ βu ብድር የወጣለት፣ t የትርፍ ግብር ነው፣ D/E ብድር ለባለቤት ገንዘብ ሲካፈል። አንዱን ላሳያችሁ። ቤታው 1.35 የሆነ ድርጅት አለ፣ ብድሩ የባለቤት ገንዘቡን 60 ፐርሰንት ያክላል፣ የአገሩ ግብር 25 ፐርሰንት ነው እንበል። 0.75 በ0.60 ሲባዛ 0.45 ነው፣ 1 ሲጨመር 1.45፣ 1.35 ለ1.45 ሲካፈል 0.93። ብድር የሌለበት ንጹህ የስራው አደጋ እሱ ነው። ለአምስት ድርጅት ለየብቻ ስንሰራው 0.78፣ 0.88፣ 0.93፣ 1.04 እና 1.31 መጣ እንበል። አማካይ አልወስድም፣ መሀለኛውን 0.93ን ነው ምወስደው፣ ምክንያቱም እንደ 1.31 ያለች አንድ ወጣ ያለች ቁጥር አማካዩን ትጎትተዋለች። አምስቱንም ባንዴ አማክሎ ከዛ ብድር ማውጣት ሚባል አቋራጭም አለ፣ አታድርጉት፣ ብዙ የተበደረው ድርጅት ውጤቱን ያበላሸዋል።

አሁን ወደኛ። ፕሮጀክቱ 100 ሚሊዮን ያስፈልገዋል፣ 40ው ከባንክ፣ 60ው ከቤተሰቡ። 40 ለ60 ሲካፈል 0.667፣ የኛ የንግድ ትርፍ ግብር 30 ፐርሰንት ስለሆነ በ0.70 ሲባዛ 0.467፣ 1 ሲጨመር 1.467። 0.93 በ1.467 ሲባዛ 1.36። የቆርቆሮ ፋብሪካው ቤታ ይሄ ነው። የዱቄቱን በተመሳሳይ መንገድ ብንሰራ ብድር የሌለበት ቤታው 0.50 ቢሆን በተመሳሳይ ብድር 0.73 ይሆናል።

ይሄ ፎርሙላ ባንኩ ምንም አደጋ እንደሌለበት አድርጎ ነው ሚያስበው። ፕሮጀክቱ 70 እና 80 ፐርሰንት በብድር ከሆነ ግን ባንኩም አደጋ ተሸክሟል፣ ያኔ ፎርሙላው የባለቤቱን ቤታ ከልክ በላይ ያሳብጠዋል፣ ቁጥሩን እንዳለ አትመኑት።

አደጋ የሌለበት ወለድ ለምን የኛን የግምጃ ቤት ሰነድ አይሆንም? መንግስት አይደል ሚከፍለው?

ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ ወለዱ በገበያ የተወሰነ አልነበረም። ከ2003 ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 ፐርሰንቱን ያህል ቦንድ በ3 ፐርሰንት ወለድ እንዲገዙ ሲገደዱ ነበር፣ የዋጋ ግሽበቱ በብዙ እጥፍ እየበለጠው። እንደዛ አይነት ቁጥር ተገዶ የገዛ ሰው ዋጋ ነው፣ ወዶ ያስቀመጠ ሰው ሚጠይቀውን አይነግረንም። ሁለተኛ፣ መንግስትም ራሱ ሊያቅተው ይችላል፣ ታኅሣሥ 2016 ላይ የዩሮቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀርቷል። አደጋ ካለበት አደጋ የሌለበት ልንለው አንችልም።

ስለዚ ምሄደው በዶላር ነው፦ የአሜሪካ መንግስት የ10 ዓመት ቦንድ ወለድ እወስዳለሁ፣ ሁሉንም በዶላር እሰራለሁ፣ መጨረሻ ላይ ባንዴ ወደ ብር እቀይረዋለሁ። ለምሳሌያችን 4.5 ፐርሰንት እንያዝ። የገበያውን ጭማሪም 4.5 እንበለው።

የአገር ስጋቱ ጭማሪ ስንት ነው፣ በቤታ ይባዛል ወይስ ዝም ብሎ ይደመራል?

ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ፕሮፌሰር አስዋት ዳሞዳራን በየዓመቱ ጥር አካባቢ የየአገሩን ጭማሪና የየዘርፉን ቤታ በነፃ ያወጣሉ፣ አብዛኛው ሰው ከዛ ነው ሚጀምረው። ጭማሪው ሚመነጨው አገሩ የውጭ ብድር ለመክፈል ካለው አቅም ነው፣ ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ጭማሪው ይጨምራል። ለምሳሌያችን 10 ፐርሰንት አድርጌዋለሁ፣ እናንተ ግን ስትሰሩ የቀኑን ቁጥር ውሰዱ።

በቤታ ይባዛ ወይ ይደመር ሚለው ቀልድ አይደለም፣ መልሱን በብዙ ይቀይረዋል። ዝም ብለን ስንደምረው ቆርቆሮው 4.5 ሲደመር 1.36 በ4.5፣ ማለትም 6.12፣ ሲደመር 10፣ ባጠቃላይ 20.6 ፐርሰንት ነው። ዱቄቱ 17.8። በቤታ ካባዛነው ግን ቆርቆሮው ወደ 24.2 ይወጣል፣ ዱቄቱ ወደ 15.1 ይወርዳል። በመጀመሪያው የሁለቱ ልዩነት 3 ነጥብ አይሞላም፣ በሁለተኛው 9 ነጥብ ነው።

የኔ አቋም እንዲ ነው። ደምረው ስትል "አገር ሲናጋ ወፍጮውም ቆርቆሮውም እኩል ይናጋሉ" ማለትህ ነው፣ አባዛው ስትል "ቆርቆሮው ይበልጥ ይናጋል" ማለትህ ነው። ቆርቆሮው ዶላር ሲጠፋ ላሜራ ማስገባት ያቅተዋል፣ ወፍጮው ስንዴውን ከዚሁ አካባቢ ገበሬ ሚገዛ ከሆነ ዶላር ጠፋ አልጠፋ ይፈጫል፣ ስለዚ ማባዛቱ ወደ እውነታው ሊቀርብ ይችላል። ግን አንድ ጭማሪ ቁጥር ላይ እንዲ ትልቅ ልዩነት መመስረት ስለሚያሳስበኝ ዋናውን ስሌት በመደመር እሰራለሁ፣ በማባዛት ያለውን ደሞ ሁለተኛ ገጽ ላይ አሳያለሁ። ፕሮጀክቱ በሁለቱም ካለፈ ጥሩ፣ በአንዱ ብቻ ካለፈ ክርክሩ እዛ ነው መደረግ ያለበት።

በዶላር 20.6 መጣ። በብር ስንት ነው?

የሁለቱን ገንዘብ የግሽበት ልዩነት እናስገባለን። ብር በሚቀጥሉት ዓመታት በአማካይ 12 ፐርሰንት ይረክሳል፣ ዶላር 2.5 ብንል፦

```
1.206 × 1.12 / 1.025 = 1.318
```

ማለትም 31.8 ፐርሰንት። ዱቄቱ በተመሳሳይ 28.7።

መጀመሪያ ሲሰማ ያስደነግጣል፣ ሀጂም "አራጣ ነው እንዴ?" ብለውኛል፣ ግን ከዚ ውስጥ ወደ 11 ነጥቡ የብር መርከስ ማካካሻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ ያንን ያየ ሰው በብር ሚገባ ትርፍ ለምን ከፍ ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይገባዋል። እዚ ጋ ሚሰራው ትልቁ ስህተት የዶላሩን 20.6 ወስዶ በብር የተሰራ ካሽ ፍሎው ላይ ማድረግ ነው። ካሽ ፍሎው ውስጥ የቆርቆሮ ዋጋ በየዓመቱ ከግሽበት ጋር እያደገ ከሄደ ሬቱም ግሽበት ያለበት የብር ሬት መሆን አለበት።

ይሄ ሁሉ ልፋት ውሳኔውን ይቀይረዋል? 29 እና 32 ምን ለውጥ አላቸው?

በሀጂ ፕሮጀክት እንየው። ከባንክ እዳና ከግብር በኋላ ለቤተሰቡ በዓመት 22 ሚሊዮን ይደርሳል፣ ለ7 ዓመት፣ ለቀላልነት በየዓመቱ እኩል ነው እንበል፣ መጨረሻ ላይ የማሽኑን ቀሪ ዋጋ ትተን። ያስገቡት 60 ሚሊዮን ነው።

ቤተሰቡ መጀመሪያ ላይ ይዞት በነበረው 20 ፐርሰንት፣ ማለትም ከባንኩ ወለድ ትንሽ ከፍ አድርገው በግምት ባስቀመጡት፣ የ22 ሚሊዮኑ የዛሬ ዋጋ 79.3 ሚሊዮን ይመጣል፣ 60ው ሲቀነስ 19.3 ሚሊዮን ትርፍ ያለው ሸጋ ፕሮጀክት ይመስላል። በዱቄቱ 28.7 ሲሰራ የዛሬ ዋጋው 63.5 ነው፣ አሁንም 3.5 ሚሊዮን ይተርፋል፣ "እንግባበት" ያሰኛል። በራሱ በቆርቆሮው 31.8 ሲሰራ ግን 59.2 ይሆናል፣ ወደ 800 ሺህ ብር ጎደለ ማለት ነው። ካሽ ፍሎው አንድ ብር አልተነካም፣ የተቀየረው የማንን አደጋ ነው የምንለካው ሚለው ብቻ ነው። ቆርቆሮው ከወፍጮ የሚጠየቀውን ያህል ቢያመጣ እንኳን የቆርቆሮን አደጋ ለመሸከም አይበቃም ነው የቁጥሩ ትርጉም።

ኮምቦልቻ ላይ ጦርነት ደርሶ ያውቃል፣ ለሱ 5 ፐርሰንት እንጨምር?

ይሄ ጥያቄ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ይቀየራል፣ ሁሉም የራሱን ያስታውሳል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደሆኑ እዚ ያለ ሰው አይጠይቅም፣ ፋብሪካ ተዘርፎ ባዶ ሼድ ያገኘ ሰው ብዙ ነው። ስጋቱ እውነት ነው፣ ጥያቄው የት ይቀመጥ ነው።

ሬቱ ላይ 5 መደመር ሁለት ችግር አለው። አንዱ፣ የአገር ጭማሪው 10 ፐርሰንት ውስጥ የፖለቲካ ስጋት ቀድሞም ስላለበት አንድን ነገር ሁለቴ ትቆጥራለህ። ሌላው፣ ሬት ላይ ሚጨመር ቁጥር እየተባዛ ስለሚሄድ ሰባተኛውን ዓመት ከመጀመሪያው በጣም አብልጦ ይቀጣዋል፣ ስጋቱ ግን የቅርቡ ዓመት ላይ ሊሆን ይችላል። 5 ለምን 5 ሆነ ብትባልም መልስ የለህም።

እኔ ካሽ ፍሎው ውስጥ ነው ማስገባው። ሁሉ ደህና ሆኖ ቢሄድ ፋብሪካው በዓመት ለቤተሰቡ 24 ሚሊዮን ይሰጣል ነበር የተባለው። ከሀጂና ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ከ12 ዓመት አንዱ ስራ ሙሉ በሙሉ ሚቆምበት ዓመት ሊሆን ይችላል አልን፣ ስለዚ 24 በ11 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 22 ሚሊዮን፣ ከላይ የተጠቀምኩት 22 ከዛ ነው የመጣው። ከ12 አንድ ሚለው የኛ ግምት ነው፣ ሌላ ሰው ከ20 አንድ ሊል ይችላል፣ ግን ቢያንስ ምን እንደገመትን በግልጽ ተጽፏል፣ ሊከራከሩበት ይቻላል። ማሽን ቢዘረፍ ደሞ መተኪያውን ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል፣ የአንድ ዓመት ትርፍ መቅረትና የማሽን መጥፋት አንድ አይደለም። ኢንሹራንሳችሁ ጦርነትን ይሸፍን እንደሆነም ውሉን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው ሚገዛው፣ ከገዛችሁት ፕሪሚየሙን ወጪ ውስጥ አስገቡና ግምቱን ቀንሱ።

ካፕኤም ገንዘቡን የበተነ ሰው ነው ሚያስበው፣ የቤተሰቡ ሀብት ግን በሙሉ እዚሁ ነው። ልክ ይሆናል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ለቤተሰቡ ብቻውን አይበቃም ነው። ከላይ ማሽን መሰበርና ደንበኛ መክዳት ቤታ ውስጥ አይገቡም ያልኩት ባለሀብቱ ሌላ ቦታ ስላለው ነው። ሀጂ ግን ወፍጮው፣ ቆርቆሮው፣ ሁለት ሱቅና ቤታቸው፣ ሁሉም በ25 ኪሎሜትር ውስጥ ነው፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ቆመህ ምታየው አካባቢ ማለት ይቻላል። ለሳቸው ሁሉም አደጋ አደጋ ነው።

ለዚ ሚያገለግል ቶታል ቤታ ሚባል አለ፣ ቤታውን አክሲዮኑ ከገበያው ጋር ባለው የመገጣጠም መጠን ማካፈል ነው። ምሳሌዎቹ ድርጅቶች ከገበያቸው ጋር ያላቸው ቁርኝት 0.5 ቢሆን 0.93 ወደ 1.86 ይወጣል፣ ብድሩ ገብቶበት ሬቱን በብር ስንሰራው 38.5 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሳል። ይሄ ቤተሰቡ ብቻውን ቢገባ ሊጠይቀው ሚገባ ነው፣ 31.8ቱ ደሞ ውጭ ያለ፣ ገንዘቡ የተበተነ ሸሪክ ሚጠይቀው ነው። የሁለቱ ልዩነት ራሱ ትምህርት አለው፦ ሸሪክ አስገብቶ 60ውን መካፈል ለምን እንደሚጠቅም በቁጥር ያሳያል። ሀጂ ላይ ይበልጥ የሰራው ይሄኛው ነጥብ ነው፣ ከደሴ ውጭ ያለ የእህታቸውን ልጅ 25 ሚሊዮን ይዞ እንዲገባ ማነጋገር ጀመሩ።

ብድሩን ከወለድ ነፃ ብንወስድ ብድር ተብሎ ይቆጠራል?

ይቆጠራል፣ እንደ አይነቱ ግን ነው። ሙራበሃ ከሆነ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥልሃል፣ ያተረፍክም የከሰርክም ቁርጥ ያለ ክፍያ አለብህ፣ ስለዚ ቤታን ሚያሳብጠው ልክ እንደ ብድር ነው፣ D/E ውስጥ ይገባል። ሙሻረካ ከሆነ ግን ባንኩ ትርፍና ኪሳራ ይካፈላል፣ ያ ወደ ባለቤት ገንዘብ ነው ሚጠጋው፣ እንደ ብድር አትቁጠሩት። ስሙን አትዩ፣ መጥፎ ዓመት ሲመጣ ክፍያው ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም ሚለውን እዩ።

የሰራሁት ሬት የተሳሳተ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቶሎ ማያቸው ጥቂት ምልክቶች አሉ። በብር የመጣው ሬት ከባንኩ ወለድ ካነሰ የሆነ ቦታ ዶላርና ብር ተቀላቅሏል። ከውጭ የተዋስከው ቤታ 0.2 ወይ 0.3 ከሆነ ደሞ ደስ አይበልህ፣ ብዙ ጊዜ አክሲዮኑ እምብዛም ስለማይሸጥ ዋጋው ቆሞ ነው፣ ገበያው ሲንቀሳቀስ እሱ የድሮ ዋጋው ላይ ተቀምጦ አደጋ የሌለበት ይመስላል፣ እንዲ አይነቱን ድርጅት ከዝርዝሩ አውጣው። ከአንድ ቢሮ ሚወጡ ጥናቶች፣ የወተትም የብረትም የሆቴልም፣ ሁሉም አንድ ሬት ካላቸው ደሞ ማንም አላሰላውም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ጥናት ላይ ቤታው ላይ "የኮንስትራክሽን ዘርፍ፣ 1.8" ተብሎ ብቻ ተጽፎ አየሁ፣ ከየትኞቹ ድርጅቶች፣ ብድሩ ወጥቶለት ነው ሳይወጣ፣ ምንም የለም። ደውዬ ስጠይቅ ካለፈው ፕሮጀክት የተገለበጠ ነው ተባልኩ፣ ያለፈው ፕሮጀክት ደሞ 75 ፐርሰንት በብድር የነበረ ነው። ለኛ 40 ፐርሰንት ብድር ያ ቁጥር ምንም አይሆንም።

ስሌቱ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ቤታው ዓመት ይቆያል፣ ስራው ቶሎ አይቀየርም። የዶላሩ ወለድና የአገር ጭማሪው ግን ይለዋወጣሉ፣ ስለዚ ውሳኔ በሚሰጥበት ሳምንት እንደገና አስገቧቸው፣ ከወረቀቱ ጥግም የተወሰዱበትን ቀን ጻፉ። የሀጂን ላሜራ አቅራቢ ዋጋ ለመጠበቅ ሶስት ወር ፈጅቶብን ነበር፣ ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግነው እነዚን ሁለት ቁጥሮች መቀየር ነው፣ ከዛ የሸሪኩን 25 ሚሊዮን አስገብተን ከላይ እስከታች እንደገና ሰራነው።